ዕጣ የወጣለት ሰው ባለዕዳ ነው

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። ለወጣት ሠራተኞች ስለ ገንዘብ ልማድ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አዘጋጃለሁ። ቀጣዩ ስለ ጓደኛሞች እቁብ ነው፤ እኛ አሥር ሆነን በየወሩ 2,000 ብር እንጥላለን። መጨረሻው ላይ «እቁብ ሕግ የለውም፤ ዋሱ መተማመን ነው» ልል አስቤአለሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እቁብን ለይቶ የሚመለከት ምዕራፍ የለውም፤ ምናልባት ሰው «ሕግ የለውም» የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ይሆናል። ነገር ግን አሥር ሰዎች ይህን ያህል እንጥላለን፣ በዕጣ እንወስዳለን ብለው ከተስማሙ ውል አድርገዋል። የሕጉ ቁጥር 1731 ደግሞ በአግባቡ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች መካከል ሕግ ነው ይላል። ስለዚህ ዕጣውን በልቶ መዋጮውን ያቆመ ሰው ይከሰሳል።

ለመሆኑ የሚከሰሰው በስንት ብር ነው? ቪዲዮዎ ሊያሳየው የሚገባው ይህን ይመስለኛል። የእናንተን እቁብ እንውሰድ። ዕጣው 20,000 ብር ነው። በሦስተኛው ወር የደረሰው ጓደኛ እስከዚያ ቀን የጣለው 6,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 14,000 ብር የሌሎቹ ገንዘብ ነው፤ ያለ ወለድ ተበድሮ ሄዷል ማለት ነው። በአራተኛው ወር ቢጠፋ፣ ገና ያልደረሳቸው ሰባቱ እያንዳንዳቸው 20,000 ብር ጥለው 18,000 ብር ይወስዳሉ። ቀድሞ የደረሳቸው ሁለቱ ግን አምስት ሳንቲም አይጎድልባቸውም። (ጠፊውን ለመፈለግ ከሰባቱ ጋር አዘዞ ድረስ የሚሄዱ መሆናቸውን እጠራጠራለሁ።) የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ ቆጣቢ ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ አበዳሪ ሆኖ ይቆያል። በጎንደር ሁሉም ዕጣው ለጥምቀት እንዲደርሰው የሚፈልገው ለዚህም ጭምር ነው፤ ጥር ላይ ሰርጉም ልብሱም ገንዘብ ይፈልጋል፣ ተራው ቀድሞ የደረሰው ደግሞ በሰው ገንዘብ ይደግሳል።

አሁን ወደ «ዋስ» እንምጣ፤ እቁብ ከሁሉ በላይ የሚሰበረው እዚህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ እቁብ ይዤ ተከራክሬአለሁ። ማስረጃችን ባለመስመር ደብተር ነበር፤ ከጠፊው ስም አጠገብ «ዋስ ነኝ» ይላል፣ ፊርማም አለ። ዳኛው ደብተሩን ገልብጠው «እስከ ስንት ብር?» ብለው ጠየቁ። አልተጻፈም። ምስክርም አልፈረመበትም። ዋሱ በነፃ ወጣ፤ በሕጉ መሠረትም ትክክል ነበር። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን፣ በሁለት ምስክሮች ፊት መፈረም አለበት፤ በቁጥር 1922 መሠረት ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም። ሌሎች ስምምነቶቻችሁን በቃል ልታደርጉ ትችሉ ይሆናል፤ ዋስትናን ግን አይቻልም።

መጠኑን ማወቅ ቀላል ነው፦ ቀሪዎቹ ወራት በመዋጮው ይባዛሉ። የመጀመሪያው ባለዕጣ ዋስ የሚፈርመው ለ18,000 ብር፣ የሦስተኛው ለ14,000 ብር ነው፤ ለአሥረኛው ዋስ አያስፈልግም። ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ስማቸው ከላይ የተገለጸው የእቁብ አባል የደረሳቸውን 20,000 ብር ተቀብለዋል። የቀረባቸውን የሰባት ወር መዋጮ ባይከፍሉ፣ እስከ 14,000 ብር ድረስ በማይከፋፈል የአንድነት ዋስትና እኔ እከፍላለሁ።» ባለዕጣው፣ ዋሱና ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። «የአንድነት» የሚለውን ቃል አይተዉት። በቁጥር 1933 መሠረት እንዲህ ብሎ የፈረመን ዋስ፣ ባለዕዳውን አስቀድማችሁ ሳትከሱ በቀጥታ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ቃሉ ከሌለ ግን ዋሱ «መጀመሪያ የእርሱን ንብረት ፈልጉ» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል፤ ባለዕዳው ከተማውን ለቆ ከሄደ ደግሞ መልሱ ምን ያህል እንደሚያደክም ያስቡት።

ዕጣውን በባንክ ወይም በቴሌብር ብታስተላልፉም ፊርማው አይቅር። ደረሰኙ ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም፤ ተከሳሽም «የቆየ ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ሊል ይችላል። ምክንያት መጻፊያው ቦታ ላይ «የእቁብ ዕጣ፣ ሦስተኛ ወር» ብላችሁ ጻፉ።

በአንድ ደቂቃ ይህ ሁሉ አይነገርም። እኔ ብሆን ሃያ ሰከንዱን ለ20,000 እና ለ6,000 ብሩ ልዩነት ሰጥቼ፣ በቀረው ጊዜ ወረቀቱን በካሜራ አስጠግቼ አሳያለሁ። መዝጊያውን ደግሞ እንዲህ አደርገዋለሁ፦ «ዕጣ ሲወጣልህ ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊት የቀረብህን ወር ቁጠር፤ ያን ያህል ዕዳ አለብህ። ዋስህም የሚፈርመው ለዚያው ልክ ነው፣ ቁጥሩ ተጽፎ።»