መልስ፦ ቸኮሌት የመሰለ ደም

«የእህቴ ጉሮሮ ላይ ማደንዘዣ ከተረጨ በኋላ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ኦክስጅን ቢሰጧትም አልተለወጠም። ለምን?»

ሜትሄሞግሎቢኒሚያ የሚባል የደም ችግር ይመስላል። ቤንዞኬይን ያለበት ማደንዘዣ አንዳንዴ ያመጣዋል። ችግሩ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ላይ ነው። Fe²⁺ የነበረው አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ Fe³⁺ ሲሆን ኦክስጅን መያዝ ያቅተዋል። የባሰው ደግሞ፣ ያልተለወጡት ጎረቤቶቹ የያዙትን ኦክስጅን ሙጭጭ ይላሉ፤ ለሰውነት በቀላሉ አይለቁም። ኦክስጅን ብቻውን ቀለሙን ያልመለሰው ለዚህ ነው።

ደሙ ቸኮሌት ይመስላል፤ በቆዳ በኩል ሲታይ ግራጫማ ሰማያዊ ይሆናል። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ቢደረግ አየር አግኝቶም አይቀላም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ይሸወዳል፤ ከባድ ሲሆን 85 በመቶ አካባቢ ይቆማል። ቁርጡን የሚናገረው የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ለይቶ የሚለካው ኮ-ኦክሲሜትር ነው።

መድኃኒቱ ሜቲሊን ብሉ ነው (ሰማያዊን በሰማያዊ!)። የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ካለባት ግን ለሐኪሞቹ ቀድማ ትንገራቸው፤ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴሎቿን ሊያፈርስ ይችላል።