ሥራ ላገናኘችኝ ባለሙያ ምን ብዬ ልጻፍ?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ ትናንት አንድ ወር ሞላኝ። ቦታውን ያገኘሁት በአንዲት የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ባለሙያ አማካይነት ሲሆን፣ ከሁለተኛው ቃለ መጠይቅ በፊት ባታዘጋጀኝ ኖሮ እንደማላልፍ አውቃለሁ። የምስጋና ደብዳቤ ልጽፍላት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። የከፈላት ቀጣሪው ስለሆነ ምስጋናዬ ትርፍ ይመስለኛል፤ ደግሞም ሥራው ወርሃዊ ሪፖርት ማዘጋጀት ነው ብላኝ ነበር፣ እስካሁን ግን አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው የቆዩ የባንክ ሒሳቦችን ከመዝገባችን ጋር በማስታረቅ ነው። ይህን ልጥቀስላት ወይስ ልተወው? ስጦታስ ልጨምርበት?

ብዕር የከበዳት

ውድ ጠያቂያችን፦

ደብዳቤዎ እንዴት እንደሚነበብ የሚወስነው የክፍያው ነገር ነው። ቀጣሪው ለአገናኝ ድርጅቱ የሚከፍለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከተቀጣሪው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ተሰልቶ ሲሆን፣ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የዋስትና ጊዜም ይኖረዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በሦስት ወር ውስጥ፣ ተቀጣሪው ሥራውን ቢለቅ ድርጅቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ሰው ይተካል ወይም ከተከፈለው ላይ ይመልሳል። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ የሚደርሳት ደብዳቤ ምስጋና ብቻ ሳይሆን «ይህች ሠራተኛ ትቆያለች ወይ?» ለሚለው የልቧ ጥያቄ መልስ ነው። «ለጊዜው እየሞከርኩት ነው» የሚል በትሕትና የተጻፈ ዐረፍተ ነገር እንኳ ወደ አለቃዎ ስልክ ሊያስደውላት ይችላል።

የማስታረቁን ጉዳይ ከዚህ ደብዳቤ እንዲያስወጡት የምመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አለቃዎ ቅሬታዎን ከእርስዎ ሳይሆን ከውጭ ሰው ቢሰሙ ነገሩ ከመጠኑ በላይ ይገዝፋል። ጉዳዩ ራሱ ምናልባት ቅሬታ ላይሆን ይችላል፤ የሥራ መደብ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ያልታረቁ ሒሳቦች ይከመራሉ፣ እነርሱ ሳይታረቁ ደግሞ የሚታመን ወርሃዊ ሪፖርት አይወጣም። የሚለዩበት መንገድ ቀላል ነው። ሥራ ሲጀምሩ ስንት ወር ያልታረቀ ሒሳብ ነበር፣ ዛሬስ ስንት ቀረ? ቁጥሩ እየቀነሰ ከሆነ ሥራው ያለፈውን ማጥራት ነው፤ እርስዎ ባጠሩት ልክ አዲስ የሚጨመር ከሆነ ግን የተሰጠዎት ሌላ መደብ ነው። ሪፖርቱን ከመቼ ጀምሮ እንደሚረከቡ አለቃዎን ቀን አስቆርጠው ይጠይቁ። መልሱ «ሥራሽ ይኸው ነው» ከሆነ፣ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ ለባለሙያዋ በስልክ ይንገሯት፤ ያኔ ከቀጣሪው ጋር የምትነጋገርበት አቅም አላት።

ስጦታውን ይተዉት፤ አንዳንድ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላሉ፣ እርሷንም የመመለስ ጣጣ ውስጥ ያስገቧታል። ይልቅ የሚጠቅማት ካደረገችልዎ ነገር የትኛው እንደሠራ ለይተው መንገርዎ ነው። «ስለ ድጋፍዎ አመሰግናለሁ» ማለት ለማንም የሚላክ ቃል ነው፤ የሠራውን ዘዴ ከነገሯት ግን ለሚቀጥለው አመልካች ትጠቀምበታለች። ስለ ዝግጅቱ በዝርዝር ስላልጻፉልኝ፣ የሚከተለውን በግምት ሞልቼዋለሁና በራስዎ እውነት ይተኩት።

«እንደምን ሰነበቱ? ሥራ ከጀመርኩ አንድ ወር ሞላኝ፤ ክፍሉንም ሥራውንም እየለመድኩ ነው። ከሁለተኛው ቃለ መጠይቅ በፊት፣ ስህተት ያገኘሁበትን አንድ ሒሳብ ከመነሻው እስከ እርማቱ በሦስት ደቂቃ እንድተርክ አለማምደውኝ ነበር። ጠያቂዎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ያነጋገሩኝ በዚያው ላይ ነው፤ ያለዚያ ልምምድ ነገሩን በሁለት ቃል አልፌው እሄድ ነበር። ስለ ክፍሉ አሠራር አስቀድመው የነገሩኝም የመጀመሪያውን ሳምንት አቅልሎልኛል። ስለ ሁሉም ከልብ አመሰግናለሁ።»

ከዚህ ብዙ አይርዘም። «እየለመድኩ ነው» የሚለውን የመረጥኩት እውነት ስለሆነ ነው፤ ሥራው በተነገረዎት መልክ ሳይገኝ «ሁሉም እንደተባለው ነው» ብለው ቢጽፉ፣ በኋላ ስልክ መደወል ግድ ቢሆንብዎ የራስዎ ቃል ይቃረንዎታል። የወንድም ወይም የጓደኛ የሥራ ማመልከቻም አያያይዙበት፤ ምስጋናው የጥያቄ መግቢያ ይመስላል።

ደብዳቤውን ከመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ከግል ኢሜይልዎ ይላኩት፤ የደንበኛ ስምም ሆነ የሒሳብ አኃዝ አይግባበት። ለአለቃዎ ግልባጭ ማድረግ አያስፈልግም፣ ነገር ግን ባለሙያዋ ለቀጣሪው ልታስተላልፈው ትችላለችና አለቃዎ ቢያነቡት የማያሳፍርዎ ይሁን። በኢሜይሉ ርእስ ላይ ሙሉ ስምዎንና የተቀጠሩበትን መደብ ይጻፉ፤ በዚያ ወር ያስቀጠረችው እርስዎን ብቻ ላይሆን ይችላል።