ስፓም ቢሆን ኖሮ በመሰረዝ ያልቅ ነበር

ጥያቄ፦ «ፓስወርድዎ ዛሬ ያበቃል» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ሊንኩን ተጭኜ ፓስወርዴን ሳስገባ ስህተት ነው አለኝ፤ ስደግመው ገባልኝ። ጓደኛዬ «ስፓም ነው» ብሎ መልእክቱን ስፓም ውስጥ ከተተልኝ፣ ፓስወርዴንም ቀየረልኝ። አሁን ግን የደንበኞቼ መልስ አይደርሰኝም። ፊሺንግ የሚሉት ይሄ ነው? ከስፓም በምን ይለያል?

መልስ፦ አዎ፣ ፊሺንግ ነው። «መጀመሪያ ስህተት አለኝ፣ ስደግመው ገባልኝ» የሚለው ነው የነገረኝ። የመጀመሪያው ገጽ የሐሰት ነበር። ፓስወርዱን ከወሰደ በኋላ እንዳይጠረጥሩ ወደ እውነተኛው ገጽ መራዎት። የደንበኞችዎ መልስ የጠፋውም ሌባው ገብቶ መልሶቹን ከዓይንዎ የሚያርቅ ፊልተር ስለሠራ ይመስለኛል።

ስፓም ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላክ መልእክት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው እንዲገዙት ነው፤ ከሰረዙት አበቃ። ፊሺንግ ግን የሚያምኑትን ድርጅት መስሎ ምስጢር ይወስዳል። አንዴ ከሰጡት በኋላ መልእክቱን መሰረዝ ምንም አይመልስም። በጅምላ ሲላክ ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚገቡ ሰው ያምታታቸዋል።

ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል፣ በጣም ስለምወደው ነው። መነሻው ዓሣ ማጥመድ ነው፤ መልእክቱ ማጥመጃው፣ ፓስወርዱ ዓሣው። ግን በእንግሊዝኛ ዓሣ ማጥመድ በ`f` ይጻፋል፣ ይሄ በ`ph`። ብዙዎች `ph`ን ከስልክ ጠላፊዎች ጋር ያያይዙታል። እነሱ ሥራቸውን `phreaking` ይሉት ነበር፤ ስልክ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል `phone` አስገብተውበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ኦንላይን የተባለውን የኢንተርኔት ድርጅት ተጠቃሚዎች የሚያጠምዱ ልጆች ተነሡ። `AOHell` የሚባል ፕሮግራም ነበራቸው። የድርጅቱ ሠራተኛ መስሎ «አካውንትዎን ለማረጋገጥ ፓስወርድዎን ይላኩ» እያለ መልእክት ይልካል። የተሰረቀውን አካውንት ራሱን `phish` ይሉት ነበር። እርስዎን ያጠመደው ዘዴ ያው ነው፣ ገጽ ተጨመረበት እንጂ።

አሁን ወደ ጥገናው። በሊንክ አይግቡ፤ አድራሻውን ራስዎ ይጻፉ። መጀመሪያ ፓስወርዱን እንደገና ይቀይሩ። ጓደኛዎ በአሮጌው ጫፍ ላይ ቁጥር ጨምሮ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል፤ ሌባው የመጀመሪያ ግምቱ እሱ ነው። ቀጥሎ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ የሚለውን ይጫኑ፤ ሌባው አሁንም ገብቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ፊልተርንና መልእክትን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፈውን ፎርዋርዲንግን ይክፈቱ። ያልሠሩት ፊልተር ወይም የማያውቁት አድራሻ ካለ ያጥፉት። የደንበኞችዎን መልስ ቆሻሻ ቅርጫቱና አርካይቩ ውስጥ ይፈልጉ። የመመለሻ ስልክና ኢሜይልዎ እንዳልተቀየሩም አይተው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታ ከተጠቀሙበት እዚያም ይቀይሩት።

«ኢሜይል እናጸዳለን» የሚሉ የነፃ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን አይጫኑ። ስንቱን ከሰው ኮምፒውተር ላይ ነቅያለሁ! ኢሜይልዎን ሁሉ ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቁና ችግሩን ያብሱታል።

ለደንበኞችዎም ዛሬውኑ ይደውሉ። ሌባው በእርስዎ ስም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ጽፎላቸው ሊሆን ይችላል። ስልክ ቁጥራቸውን ከኢሜይሉ ሳይሆን ከራስዎ ማውጫ ይውሰዱ። አሁንም እደግመዋለሁ፦ በሊንክ አይግቡ፣ አድራሻውን ራስዎ ይጻፉ።