ሳንባ ላይ 7 ሚሊ ሜትር፣ አንገት ላይ 12 ሚሊ ሜትር

*«ወድቄ ጎኔን ተመታሁና ሲቲ ስካን ተነሣሁ። አጥንቴ ደህና ነው፤ ግን ቀኝ ሳንባዬ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ኖዱል አለ ተባልኩ። ሐኪሙ ስድስት ወር ቆይተሽ ተመለሽ አለኝ። ካንሰር ቢሆንስ? ስድስት ወር ዝም ብሎ መቀመጥ ምን የሚሉት ነገር ነው?» (የ52 ዓመት ሴት፣ ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ)*

ሐኪሙ ችላ ብሎዎት አይደለም። ኖዱል ማለት ሳንባ ውስጥ የምትታይ ትንሽ ድቡልቡል ነጠብጣብ ናት፤ 7 ሚሊ ሜትሯ የአተር ፍሬ ታክላለች። እንዲህ ያለችውን በመርፌ ናሙና መውሰድ ከባድ ነው። በትንፋሽ ቁጥር ትንቀሳቀሳለች፤ መርፌውም ሳንባን ሊበሳና አየር ሊያፈስ ይችላል። ብዙ ስኳር የሚበሉ ሴሎችን የሚያሳየው ፔት ስካን ደግሞ ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ላለ ነገር ብዙ አይታመንም። ስለዚህ የቀረው ምርመራ ጊዜ ነው። ካንሰር ያድጋል፤ ጠባሳ ባለበት ይቀመጣል።

ታዲያ ለምን በሚቀጥለው ወር አይደለም? ጠጣር የሆነ የሳንባ ካንሰር ይዘቱ በእጥፍ እስኪያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 400 ቀን ይፈጅበታል። ደግሞ የኳስ ይዘት እጥፍ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር ልኬቱ የሚጨምረው በሩብ ያህል ብቻ ነው። የእርስዎ 7 ሚሊ ሜትር እጥፍ ቢሆን 8.8 ገደማ ነው የሚሆነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ያለ ለውጥ ደግሞ ብዙም አይቆጠርም፤ ሁለት ራዲዮሎጂስቶች ያንኑ ምስል ለክተው ያን ያህል ሊለያዩ ይችላሉና። በወሩ ቢነሡ የሚያገኙት መልስ «አልታወቀም» ነው።

በስድስት ወር ግን ፈጣኑ ራሱን ያጋልጣል። በ100 ቀን እጥፍ የሚሆን ቢሆን ያኔ ከ10 ሚሊ ሜትር ያልፋል። በ400 ቀን እጥፍ የሚሆነው ግን ገና 7.8 ላይ ነው፤ አይለይም። ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ሌላ ሲቲ ሊታዘዝ የሚችለው ለዚህ ነው። በአንድ ዓመት ተኩል ያ ቀርፋፋው 9.6 ይደርሳል። ጠጣር ኖዱል ሁለት ዓመት ሙሉ ካልተነቃነቀ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ይዘጋል።

መጠኑ ከ6 በታች ቢሆን ኖሮ፣ ሲጋራ ስለማያጨሱ፣ ቀጠሮም ላይያዝልዎ ይችል ነበር። ከ8 በላይ ቢሆን ደግሞ ሦስት ወር ወይም ፔት ስካን ወይም ናሙና። ይህ ሁሉ ግን ከ35 ዓመት በታች ለሆነ፣ ካንሰር ታሞ ለነበረ ወይም የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው አይሠራም።

*«ከብዙ ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታክሜ ድኛለሁ። አሁን የታየው ነጠብጣብ ጠባሳው ነው ብዬ ልተወው?»*

ሊሆን ይችላል፤ እኛ አገር ይህ በብዛት የሚታይ ነገር ነው። ነገር ግን በግምት አይተውት። ሪፖርቱ ነጠብጣቡ ሙሉ በሙሉ ካልሲየም ይዟል ካለ ብዙ ጊዜ ያረጀ ጠባሳ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ማስረጃ የድሮ ፊልምዎ ነው። ሳጥንዎን ይፈትሹ፣ ሲዲውን ይጠይቁ። ከሁለት ዓመት በላይ ያለፈው ሲቲ ላይ ያው ነጠብጣብ በዚያው ልክ ካለ፣ አዲስ ምርመራ ላያስፈልግዎ ይችላል። ሪፖርቱን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ምስሉ ነው የሚወዳደረው። የነቀርሳ መድኃኒትን ደግሞ «ለማንኛውም» ብለው አይጀምሩ።

*«የአንገት አልትራሳውንድ ታይሮይዴ ላይ 12 ሚሊ ሜትር እባጭ አገኘ። ታይራድስ 4 ይላል። መርፌ አያስፈልግም፣ ከዓመት በኋላ ነይ አሉኝ። 4 ቁጥር አያስፈራም?»*

ታይራድስ እባጩ በአልትራሳውንድ ሲታይ ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚናገር ከ1 እስከ 5 ያለ ደረጃ ነው። የሚያስፈራው ቁጥሩ ብቻውን አይደለም፤ ከመጠኑ ጋር ነው የሚነበበው። ለታይራድስ 4 በመርፌ ናሙና መውሰድ የሚታሰበው ከ15 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ነው። ከ10 እስከ 15 ያለው በአልትራሳውንድ ይጠበቃል። 12 ሚሊ ሜትሩ ታይራድስ 5 ቢሆን ግን መርፌ ነበር።

ለምን እንዲህ ቸልተኛ የሚመስል ወሰን ተቀመጠ? አብዛኛው የታይሮይድ ካንሰር እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጤነኛ ሰዎችን በአልትራሳውንድ መመርመር ሲስፋፋ፣ በ2011 የተገኘው የታይሮይድ ካንሰር ከ1993 ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ሆነ። የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተለወጠም። ከታከሙት ብዙዎቹ ታይሮይዳቸው ወጥቶ ዕድሜ ልክ ክኒን የሚውጡ ሆኑ፤ የድምፅ ነርቩ የተጎዳበትም አለ። ለእኔ ይህ ከመጠበቅ የባሰ ነው።

ዓመት ሳይሞላ መመለስ ያለብዎ ድምፅዎ ከሻከረና ካልተመለሰ፣ እባጩ በሳምንታት ውስጥ ካበጠ ወይም አንገትዎ ላይ ሌላ ጠጣር እብጠት ከዳሰሱ ነው። በልጅነትዎ አንገትዎ ላይ የጨረር ሕክምና ካገኙ፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ የታይሮይድ ካንሰር ካለ፣ ለሐኪምዎ አሁኑኑ ይንገሩ።

*«በተደጋጋሚ ሲቲ መነሣት ጨረሩ አይጎዳም?»*

ለክትትል «ዝቅተኛ ጨረር፣ ያለ ኮንትራስት፣ በቀጭን ቁራጭ» የሚል ትዕዛዝ ያጽፉ። እንዲህ ያለው ከተለመደው የደረት ሲቲ በብዙ ያንሳል። ከተቻለ በዚያው ማሽን ይነሡ፤ ማሽን ሲቀያየር ልኬቱም ይወዛገባል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም።