የፊኛው ጋዝና የእግር ጣት

ልጆቼ፣ ለንደን ውስጥ በነርቭ ሕክምና ሥራ ላይ ጠጉሬ ሸብቷል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ፊኛ ውስጥ እየተሞላ ስለሚሳበው የሳቅ ጋዝ፣ ስለ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ደስታው ውሸት ነው አልላችሁም። ጭንቅላት ይቀላል፣ ድምፅ ይርቃል፣ ሳቅ ይመጣል፤ በአንድ ሁለት ደቂቃም ያልቃል። ቶሎ ስለሚያልቅ ደግሞ ሌላ ፊኛ ይሞላል። ለክሬም መምቻ የተሠራችው ትንሿ ቀፎ 8 ግራም ብቻ ነው የምትይዘው። ዛሬ የሚዞረው ትልቁ ሲሊንደር ግን ከ600 ግራም በላይ ይይዛል፤ ስንት እንደ ሳበ የሚቆጥር የለም።

ጋዙ የቫይታሚን ቢ12ን እምብርት፣ ኮባልቱን፣ ያበላሻል። ቫይታሚኑ ደም ውስጥ አለ፤ ሥራ ግን አይሠራም። ነርቭን እንደ ሽቦ ልባስ የሚሸፍነው ማይሊን ያለ እሱ አይታደስም። መጀመሪያ የሚጎዳው እግራችን የት እንዳለ ለአንጎል የሚነግረው የኅብለ ሰረሰር ክፍል ነው።

አንድ ሃያዎቹን ያጋመሰ የእኛው ልጅ ከእናቱ ጋር መጣ። እግሩን ጉንዳን እንደወረረው ይሰማዋል፤ ነጠላ ጫማው ሲወልቅ አያውቅም፤ ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ወደ ገንዳው ይወድቃል። ሌላ ቦታ ደሙ ታይቶ «ቢ12ህ ደህና ነው» ተብሎ ተመልሷል። ዓይኑን አስጨፍኜ የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ወደ ታች እያደረግሁ ስጠይቀው በግምት ነበር የሚመልሰው። እናቱን ውጭ እንዲጠብቁን ለምኜ ስለ ፊኛው ጠየቅሁት። ለወራት በየቀኑ ይስብ ነበር። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው እንዴት ይናገር!

ሆሞሲስቲን የሚባለውን ስናስመረምር ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቢ12 ሥራ ሲፈታ የሚጠራቀም ነገር ነው፤ ተራው የቢ12 ምርመራ የሚያመልጠውን ይህ ይይዘዋል። ጋዙን አቆመ፣ በየሁለት ቀኑ ሃይድሮክሶኮባላሚን የሚባለውን ቢ12 1 ሚሊግራም በመርፌ ተወጋ፣ መራመድም እንደገና ተለማመደ። ከወራት በኋላ ያለ ምርኩዝ ሄደ፤ የውስጥ እግሩ መደንዘዝ ግን አለቀቀውም።

እየሳባችሁ የቢ12 ክኒን ብትውጡ ጥበቃ አይሆናችሁም፤ አዲሱ ጋዝ አዲሱን ቫይታሚን ያበላሻል። ቢ12 ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሚገኝ፣ እነዚህን ለረጅም ጊዜ የተወና ክምችቱ የሳሳበት ሰው ቶሎ ይጎዳል። ጾም አትጹሙ ማለቴ አይደለም፤ ጋዙን ነው የምለው።

እግራችሁ መደንዘዝ ከጀመረ ወይም በጨለማ ከተንገዳገዳችሁ ነገ አትበሉ። እንግሊዝ ውስጥ ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመዝናኛ መያዙ ወንጀል ስለሆነ ብዙዎች ይደብቃሉ። ለሐኪሙ ግን «ፊኛ እስባለሁ፤ ሆሞሲስቲኔም ይታይልኝ» በሉት።