ካርቶን ተሰክቶበት የቆመ ኮንቬየር፦ ስለ አራት ደቂቃ የደህንነት ሥልጠና ቪዲዮ ጥያቄና መልስ

የዛሬው መላሽ ለፋብሪካ ሠራተኞች የሥልጠና ቪዲዮ ስክሪፕት የሚጽፉ የደህንነት ባለሙያ ናቸው። ቪዲዮው የሚያስተምረው ማሽን ውስጥ እጅ ከማስገባት በፊት ኃይሉን አቋርጦ ዋናውን ማጥፊያ በጓጉንቸር መቆለፍን ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ በድርጅቱ የደህንነት ፖሊሲ ጀምር ብሎኛል። ስክሪፕቱ በዚያ ይጀምር?

አይጀምር። ፖሊሲው ወረቀት ላይ ይቀመጥ፤ ቪዲዮው ሠራተኛው እጁን ሊሰድ ባለበት ቅጽበት ይከፈት። ስህተት የሚሠራውን ሰው ደግሞ ሰነፍ ወይም ቀልደኛ አታድርገው። ተመልካቹ «እኔ እንደዚህ አይደለሁም» ብሎ ይገላገላል። ጎበዝ ሠራተኛ፣ ሥራው ተደራርቦበት፣ ማንም ሊያደርገው የሚችለውን ያድርግ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ምስል፦ ካርቶን በሮለሩና በቀበቶው መካከል ተሰክቷል። ኋላ ያሉት ካርቶኖች እየተደራረቡ ነው። ኦፕሬተሩ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ መከለያውን ይከፍታል።
ድምፅ፦ «አንድ ጊዜ ስቤ ላውጣው፣ ሰከንድ አይፈጅም።»
ምስል፦ በሌላኛው ጫፍ የቆመች ሠራተኛ ኦፕሬተሩን አታየውም። የተጫነውን ቀይ ቁልፍ ስታይ መልሳ ታወጣዋለች፤ እጇ ወደ ማስነሻው ይሄዳል።
ጽሑፍ፦ አደጋ! ማሽኑ ሊነሳ ነው። እጅ ውስጥ ነው።

እዚህ ምስሉ ይቁም። ሴትዮዋም ጥፋተኛ ተደርጋ አትታይ፤ የቆመ መስመር ማስነሳት ሥራዋ ነው።

ጥያቄ፦ ቀዩ ቁልፍ ከተጫነ ማሽኑ ቆመ አይደል እንዴ? ዋናውን ማጥፊያ በጓጉንቸር መቆለፍ ሥራ ማብዛት አይሆንም?

መቆሙማ ቆሟል፤ ግን ኃይሉ አልተቋረጠም። ቀዩ ቁልፍ የሚያቆመው ትእዛዙን ነው። ዋናው ማጥፊያ እስካልወረደ ድረስ ኤሌክትሪኩ እንዳለ ነው፤ ቁልፉንም ማንም መልሶ ሊያወጣው ይችላል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ ኃይል አለ፤ ካርቶን የሚገፋው ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር ይቀራል፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቀበቶም ጭነት እንደያዘ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ቀዩ ቁልፍ ለድንገተኛ ጊዜ ይሁን፣ እጅ ለማስገባት ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ፊውዙን ነቅለን ኪሳችን እንከተዋለን። ያው ነው ብዬ አስባለሁ።

ግማሽ መንገድ ሄደሃል። ኃይሉ ከምንጩ ተቋርጧል፣ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን መለዋወጫ ፊውዝ ያለው ሰው ሌላ ሊከትበት ይችላል፤ ባዶ የፊውዝ ቦታ ደግሞ «ውስጥ ሰው አለ» አይልም፣ «ፊውዝ ጠፍቷል» ነው የሚመስለው። ጓጉንቸር ማጥፊያውን በአካል ይይዘዋል፤ አብሮት የሚንጠለጠለው ካርድ ስምና ሰዓት ይናገራል። ሁለት ሰው የሚሠራ ከሆነ ሁለት ጓጉንቸር፣ እያንዳንዱ የራሱን ይቆልፋል፣ መክፈቻውንም ራሱ ይይዛል። ብዙ ጓጉንቸር አንድ ማጥፊያ ላይ የሚያስቆልፍ ባለ ብዙ ቀዳዳ መያዣ አለ፤ ቪዲዮው ውስጥ አሳየው።

ጥያቄ፦ ትክክለኛውን አሠራር ስናሳይ ቅደም ተከተሉ እንዴት ይሁን? ብዙዎቹ ቪዲዮዎች ቆልፎ ካርድ ሲሰቅል ያልቃሉ።

ዋናው ነገር የሚጀምረው እነሱ ከጨረሱበት ነው። ኦፕሬተሩ በአካባቢው ላሉት ይናገራል፣ በመደበኛው ማቆሚያ ያቆማል፣ ዋናውን ማጥፊያ ያወርዳል፣ ይቆልፋል፣ ካርድ ይሰቅላል፣ አየሩን ያስተነፍሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ሊታይ ይችላል። ከዚያ ካሜራው ማስነሻ ቁልፉ ላይ ይጠጋ፤ ሰውየው ማንም ማሽኑ አጠገብ አለመኖሩን አይቶ ለማስነሳት ይሞክራል። ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ የወረደው ማጥፊያ የጎረቤት ማሽን ሆኖ ይገኛል፤ ፓነሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጥገና በኋላ ሳይታረም ቀርቶ ይሆናል።

አሁን ብዙ ስክሪፕት የሚሳሳትበትን ልንገርህ። ቀዩ ቁልፍ እንደተጫነ ከቀረ ሙከራው ምንም አያረጋግጥም። ማሽኑ ያልተነሳው ቀዩ ቁልፍ ስለያዘው እንጂ ኃይል ስለተቋረጠ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዩን ያወጣል፣ ዳግም ማስጀመሪያ ካለውም ያንን ይጫናል፣ ከዚያ ማስነሻውን ይሞክራል። ሳይነሳ ሲቀር መቆጣጠሪያውን ወደ «ጠፍቷል» ይመልሳል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ይምጣ፦ «ማስጠንቀቂያ፦ ሳትሞክር እጅህን አታስገባ።»

ይህ ካርቶን ለማውጣት ነው። ሽቦ የሚነካ ሥራ ከሆነ የማስነሻ ሙከራ አይበቃም፤ ኤሌክትሪሺያን በመለኪያ መፈተሽ አለበት። ያ ሌላ ቪዲዮ ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሁሉ «አደጋ» ብለው ምን ችግር አለው? የበለጠ ያስደነግጣል።

አምስተኛው «አደጋ» ላይ ማንም አይደነግጥም። የተለመደው አከፋፈል እንዲህ ነው፦ ካልተወገደ በእርግጥ የሚገድል ወይም ክፉኛ የሚጎዳ ከሆነ «አደጋ»፣ ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊጎዳ የሚችል ከሆነ «ማስጠንቀቂያ»፣ ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ከሆነ «ጥንቃቄ»። የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ «አደጋ» አንዴ ይበቃል።

ጽሑፉን ከሁለት መስመር አታሳልፈው። ቆይታውን ለመወሰን ቀስ ብለህ ሁለቴ ጮክ ብለህ አንብበው፤ እስክትጨርስ ስክሪኑ ላይ ይቆይ። ተራኪው በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አይናገር፤ ያንኑ ያንብብ ወይም ዝም ይበል። ብዙ ሰው ጫጫታ ውስጥ፣ በስልክ፣ ድምፁን ሳይሰማ ነው የሚያየው።

ጥያቄ፦ የማታ ፈረቃ መካኒክ ቆልፎ መክፈቻውን ይዞ ቤቱ ሄደ። መስመሩ ቆሟል። ጓጉንቸሩን እንቁረጠው?

ይህ ስለ ስክሪፕቱ ባይሆንም መልሱ ይጠቅማል። እናንተ አትቁረጡ። ኃላፊው ነው የሚወስነው፣ አስቀድሞ በተጻፈ አሠራር፦ መካኒኩ ግቢው ውስጥ አለመኖሩን ያረጋግጣል፣ ሊያገኘው ይሞክራል፣ ማሽኑ ውስጥ ሰውም ዕቃም አለመቅረቱን ያያል። ከተቆረጠም ሰውየው ሥራ ሳይጀምር ሊነገረው ይገባል፤ አለዚያ ነገ መጥቶ ጓጉንቸሬ አለ ብሎ እጁን ያስገባል።

ጥያቄ፦ ለመጨረሻው ፈተና አሥር ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ። «ጓጉንቸር ለምን ይጠቅማል?» ዓይነት። ይበዛል?

ቁጥሩም ይበዛል፣ ጥያቄውም ቀላል ነው። ሦስት ይበቃሉ፤ እያንዳንዱ የሚወሰን ነገር ይዞ ይምጣ። ለምሳሌ፦

«ዋናውን ማጥፊያ ቆልፈሃል። ቀዩ ቁልፍ እንደተጫነ ነው። ማስነሻውን ስትጫን ማሽኑ አልተነሳም። ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ?
ሀ) ካርቶኑን አወጣለሁ። ለ) ቀዩን ቁልፍ አውጥቼ እንደገና እሞክራለሁ። ሐ) ባልደረባዬ ማጥፊያውን እንዲጠብቅልኝ አደርጋለሁ።»

መልሱ ለ ነው። ሀ-ን የመረጠ ሰው «ተሳስተዋል» ተብሎ አይለፍ፤ የተቆለፈው የጎረቤት ማሽን ማጥፊያ ሆኖ፣ ቀዩ ቁልፍ ወጥቶ ማስነሻው ሲጫን ማሽኑ የሚነሳበትን አጭር ምስል አሳየው። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቀረ አየር፣ ሦስተኛው ከላይ ስለተነሳው የፈረቃ ጓጉንቸር ይሁን።

ጥያቄ፦ ቀበቶው ወደ ጎን ሲሸሽ የሚስተካከለው እየዞረ ነው። ያኔስ እንዴት ይቆለፋል?

አይቆለፍም፤ ስለዚህ በዚህ ቪዲዮ አይሸፈንም። መከለያው ሳይከፈት ከውጭ በሚደረስበት ብሎን ማስተካከል ከተቻለ ችግሩ ይቀላል። ካልተቻለ መከለያ ከፍቶ በዝግታ እያዞሩ ማስተካከልን በተመለከተ ባለሙያዎችም አይስማሙም፤ እኔ ማሽኑ ብሎኑ ወደ ውጭ እንዲወጣ ይሻሻል ከሚሉት ወገን ነኝ። ለአሁኑ ግን ስክሪፕትህን ይዘህ ማሽኑ ጋ ሂድና ዋናው ማጥፊያ የጓጉንቸር ቀዳዳ እንዳለው ተመልከት። ከሌለው ቀረጻው ይቆይ፤ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያኑ ማጥፊያውን ይቀይር።