ልብስ መቀየር በፎቶ ላይ፦ ማስክ፣ አልባሽ ሞዴል ወይስ ትእዛዝ? ጥያቄና መልስ

መልስ የሚሰጠው መርፌ

ሰማያዊ ቁልፍ፦ ሰውየው ወፍራም ጥቁር ካፖርት ለብሷል። በባለ መስመር እጀ ጉርድ ሸሚዝ ልቀይርለት ፈልጌ ነበር። ካፖርቱን በማስክ ሸፍኜ ኢንፔይንት ሳደርግ፣ ማለትም የተሸፈነውን ብቻ ሞዴሉ እንደገና እንዲሥለው ሳደርግ፣ ካፖርቱ ራሱ ባለ መስመር ሆኖ ይወጣል። ለምን?

መርፌ፦ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደስ ይለኛል፣ ምን እንዳደረግክ ነግረኸኛልና። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ዲኖይዚንጉ ነው፣ ከስር ያለው ሥዕል ምን ያህል እንደሚፋቅ የሚወስነው ቁጥር። 0.5 ላይ ከተውከው ሞዴሉ የሚነሳው ከካፖርቱ ነው። ጥቁረቱና ውፍረቱ ከስር ይቀራል። ወደ 1.0 አስጠጋው።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያየውም። ማስክህ የካፖርቱን ጠርዝ ተከትሎ ተቆርጧል። ስለዚህ ከስር ያለውን ብታጠፋውም የማስኩ ቅርጽ ራሱ «እዚህ ካፖርት ነበር» ይላል። ሞዴሉም ያንን ቅርጽ በጨርቅ ይሞላዋል። ስፋቱ 1024 ፒክስል በሆነ ፎቶ ላይ ማስኩን ከካፖርቱ ጠርዝ 30 ፒክስል ያህል ወደ ጀርባው አስፋው። ክንዱ ቀጭን ሆኖ በዙሪያው ግድግዳ እንዲሳል ቦታ ታገኛለህ። ጽሑፉ ላይም ሸሚዙን ብቻ ሳይሆን «ባዶ ክንድ» የሚለውን ጨምር።

ይህን ሁሉ አድርገህ የምታገኘው ግን መስመር ያለው ሸሚዝ ነው፣ *ያንተ* ሸሚዝ አይደለም። የሸሚዙ ፎቶ አለህ?

ሰማያዊ ቁልፍ፦ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንስቼዋለሁ።

መርፌ፦ እንግዲያው ኢንፔይንቲንጉን ተወው። ወደ አልባሽ ሞዴል ሂድ፣ `IDM-VTON` ወይም `CatVTON`። እነሱ የልብሱን ፎቶ ራሱን አይተው ነው የሚያለብሱት። ዝርዝሩን ከታች እመለስበታለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?

መርፌ፦ ለምን? የማን ልብስ? ከምን ወደ ምን? ይህን ሳትነግረኝ አልመልስም።

ጥቁር ሰሌዳ፦ እኔ ልመልስለት። በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠሩት ሞዴሎች ሁሉንም ጨርሰዋል። ማስክ የለ፣ ጣጣ የለ። «ካፖርቱን አውልቀህ ሸሚዝ አልብሰው» ትለዋለህ፣ ያደርገዋል። አንዳንዶቹ የልብሱን ፎቶም አብረው ይቀበላሉ። አልባሽ ሞዴል ያለፈበት ነገር ነው።

መርፌ፦ ግማሹ እውነት ነው። ክንድ በመሳል፣ የብርሃኑን አቅጣጫ በመጠበቅና እጥፋቱን በማሳመር ከሦስቱ እነሱ ይበልጣሉ። አልክድም። ግን እስቲ መስመሮቹን ቁጠር። እኔ ተመሳሳይ ሸሚዝ ሞክሬ ነበር። ከኮሌታው ሥር እስከ ጫፉ 14 መስመር ነበረው። በትእዛዝ የወጣው 11 ሆነ፣ የኪሱ ቦታም ተቀየረ። ዓይን ሲያየው ያምራል። ሸሚዙን ለሚሸጥ ሰው ግን ሌላ ሸሚዝ ነው።

ሌላው ችግር ሙሉ ፎቶው እንደገና መሣሉ ነው። ማስክ ስለሌለ «ይህን አትንካ» የሚለው ነገር የለም። በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም አሮጌውንና አዲሱን በሁለት ሌየር ደርበህ የላይኛውን ብሌንድ ሞድ ወደ `Difference` ቀይረው። ያልተነካ ቦታ ጥቁር ይሆናል። ፊቱ ላይ ዓይንና ከንፈር ዙሪያ ብልጭ ካለ ሰውየው ተቀይሯል ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ፊቱን ከኦሪጅናሉ መልሱ።

ጥቁር ሰሌዳ፦ አዲሶቹ ፊት አይነኩም። እኔ ልዩነት አላየሁም።

መርፌ፦ በዓይን አይታይም፣ ለዚህ ነው `Difference` ያልኩት። በአንድ ዙር ትንሽ ነው። ውጤቱን መልሰህ አስገብተህ ሦስት አራት ጊዜ ስታርመው ግን ይጠራቀማል። ቆዳው ለስላሳ ፕላስቲክ ይመስላል። እያንዳንዱን ሙከራ ከኦሪጅናሉ ጀምር።

የልጆች እናት፦ እኔም ያው ችግር ገጥሞኛል። አልባሽ ሞዴል ላይ ረጅም ቀሚስ አስገብቼ ከወገብ በላይ ብቻ ተቀየረ፣ ታች ሱሪው እንዳለ ቀረ።

መርፌ፦ እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ችግር ነው። `VITON-HD` በተባለው ዳታ ብቻ የሠለጠነ ሞዴል የሚያውቀው የላይኛውን ልብስ ነው። `Dress Code` ላይ የሠለጠነውን ፈልጊ። እሱ የላይ፣ የታችና ቀሚስ ተብሎ ሦስት ምድብ አለው። ምድቡን «ቀሚስ» ላይ ማድረግ አትርሺ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ግን በአጠቃላይ የትኛው ይሻላል?

መርፌ፦ ጠይቀሃል፣ መልሻለሁ። ከላይ አንብብ።

ሰማያዊ ቁልፍ፦ አልባሽ ሞዴሉን ሞከርኩት። መስመሮቹ ልክ መጡ! ግን ክንዱ ላይ የነበረው ሰዓት ጠፋ፣ እጆቹም ተጣምረው ስለነበር ክርኑ ተጣሞ ወጣ።

መርፌ፦ የጠበቅኩት ነው። አልባሽ ሞዴል በራሱ የሚሠራው ማስክ ክንዱንም ጭምር ይሸፍናል፣ የድሮው እጅጌ ፍንጭ እንዳይተው። የተሸፈነውን ሁሉ ፈጥሮ ነው የሚሞላው። ያንተ ሰውዬ ደግሞ ክንዱ ካፖርት ውስጥ ነበር፣ ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ክንድ መፈጠሩ አይቀርም። ጥያቄው ማን ይፍጠረው ነው።

እኔ በሁለት ደረጃ ነው የምሠራው። መጀመሪያ በትእዛዝ ካፖርቱን ወደ ተራ ነጭ እጀ ጉርድ አስቀይረዋለሁ። ሰዓቱ እንዳለ ይቆይ ብዬም እጽፋለሁ። እዚህ ላይ የሸሚዙ ዲዛይን ግድ የለኝም። የምፈልገው ትክክለኛ ክንድ ነው። ሦስት አራት ውጤት አውጥቼ ጣትና ክርኑ ደህና የሆነውን እመርጣለሁ። ቀጥሎ ያንን ፎቶ ለአልባሽ ሞዴሉ እሰጣለሁ። ማስኩን ግን በእጄ እሥላለሁ። ደረቱንና እጅጌውን ከክርኑ ትንሽ ከፍ እስኪል ሸፍኜ፣ ከዚያ በታች ያለውን ክንድና ሰዓቱን ክፍት እተዋለሁ። ክንዱ ደረት ላይ የተጣመረ ስለሆነ ማስኩ በክንዱ ጠርዝ ዙሪያ መዞር አለበት። አሥር ደቂቃ ይወስዳል፣ ግን ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በመጨረሻ ከካፖርቱ ርቆ ያለውን ሁሉ ከኦሪጅናሉ መመለስ ነው። ነጩ የማስክ ክፍል አዲሱን ያስገባል፣ ጥቁሩ የድሮውን ያስቀራል።

```python
from PIL import Image, ImageFilter
old = Image.open("old.png").convert("RGB")
new = Image.open("new.png").convert("RGB").resize(old.size)
m = Image.open("mask.png").convert("L").resize(old.size)
m = m.filter(ImageFilter.GaussianBlur(6))
Image.composite(new, old, m).save("out.png")
```

እዚህ ያለው ማስክ የመጀመሪያው ሰፊው ነው፣ ካፖርቱ የነበረበትን ሁሉ የሚሸፍነው። ጠባቡን ካስገባህ የካፖርቱ እጅጌ ተመልሶ ይመጣል። አንገቱ ላይ መስመር ከታየህ በትእዛዝ የወጣው ፎቶ ጥቂት ፒክስል ተንሸራቷል ማለት ነው። ከማዋሃድህ በፊት አስተካክለው።

ክር፦ በጣም ቀጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ሳስገባ ግን በአልባሽም ቢሆን ግራጫ ሆኖ ይዋሃዳል።

መርፌ፦ ልክ ነህ። እነዚህ ሞዴሎች ፎቶውን በየአቅጣጫው በ8 አሳንሰው ነው የሚሠሩት። 3 ፒክስል የሆነ መስመር እዚያ ውስጥ ቦታ አያገኝም። ትንንሽ ፊደልም እንዲሁ። ደረቱን ብቻ ቆርጠህ አጉልተህ ሥራው፣ ከዚያ መልሰህ አስገባው።

ጥላ፦ ልብሱን ጨርሶ ማውለቅስ ይቻላል? የማውቃት ልጅ ፎቶ ነው።

መርፌ፦ አይሆንም። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ሰው ሳይፈቅድ ፎቶውን ልብስ ለመቀየርም ቢሆን አትንኩ።

አዲስ ገቢ፦ ምን ያህል ሚሞሪ ያለው ካርድ ይበቃል?

መርፌ፦ እንደ ሞዴሉ ነው። የሞዴሉን ገጽ እይ።

ጥቁር ሰሌዳ፦ ያንተን ሸሚዝ በትእዛዝ ሞክሬ መስመሮቹን ቆጠርኩ። በእኔ 14ቱም መጡ። የልብሱን ፎቶ አብሬ ነው የሰጠሁት።

መርፌ፦ የአንገቱን ቁልፍ አየህ? ደግመህ ሌላ ሲድ ላይ፣ ማለትም በሌላ የዕድል መነሻ ቁጥር፣ አውጣና ሁለቱንም ለጥፋቸው። በሁለቱም 14 ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ጥቁር ሰሌዳ፦ በሁለተኛው 13 ነው። ግን የሸሚዙ ጫፍ ትንሽ ታጥፏል፣ አንዱ መስመር እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ክር፦ እጥፋቱን ቆርጣችሁ አጉሉት። እኔ 14ኛው አይታየኝም።